በመንገድ ላይ የሚለወጥ ቃል

ከመገናኛ ወደ ዑራኤል ሲወርዱ ሃያ ሁለት የሚባል ሠፈር ይገኛል። ስሙ ቁጥር ነው። ነባሮቹ ነዋሪዎች እንደሚያስረዱት፣ ሃያ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ተሳፋሪውን አራግፎ ፊቱን ወደ መጣበት የሚመልስበት ቦታ ስለነበረ ስፍራው ‹‹ሃያ ሁለት ማዞሪያ›› ተባለ። ከጊዜ በኋላ ‹‹ማዞሪያ›› የሚለው ከብዙ ሰው አፍ እየወደቀ ሄደና ቁጥሩ ብቻውን ቀረ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራውን ሲጀምር ደግሞ በሠፈሩ ሁለት ጣቢያዎች በመሠራታቸው አንደኛው ‹‹ሃያ ሁለት አንድ››፣ ሌላው ‹‹ሃያ ሁለት ሁለት›› የሚል መጠሪያ ተሰጣቸው። ቁጥሩ ስም ሆኖ፣ ስሙ በተራው ቁጥር ወጣለት። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ የሒሳብ ትምህርት ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ለነዋሪው ግን ነገሩ ሁሉ ግልጽ ነው። ‹‹ሃያ ሁለት ውረጂ›› የተባለች ልጅ ስንተኛው አውቶቡስ እንደሆነ አትጠይቅም።

ቃል በአደባባይ እንዲህ ትርጉሙን እየለወጠ ሲጓዝ የሚጎዳው ሰው እምብዛም አይኖርም። ምክንያቱም ቦታው ራሱ በስፍራው ቆሟል። የተሳሳተ ቢኖር በጣት ይጠቆምለታል፤ ወያላውም አለ፣ መንገደኛውም አለ። በመጣጥፍ ውስጥ ግን ከቃሉ በስተቀር የሚጠቆም ነገር የለም። ጸሐፊው በመጀመሪያው ገጽ ‹‹በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እገሌ ማለት ይህ ነው›› ብሎ ከበየነ በኋላ ቃሉን በአራተኛው ገጽ ለሌላ ነገር ቢያውለው፣ አንባቢ የቀድሞውን ብያኔ እንደያዘ ወደማያውቀው አገር ይወሰዳል። ያም ባልከፋ፤ ክፉው ነገር ጸሐፊው ራሱ አብሮ መወሰዱን አለማወቁ ነው።

በዚሁ በሃያ ሁለት አካባቢ የሚኖሩ አንድ የቋንቋ መምህር ይህን ጉዳይ ለረጅም ዘመን ሲከታተሉት ኖረዋል። ወጣቶች ጽሑፋቸውን ይዘው ይመጡላቸዋል፤ እሳቸውም ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከአንድ ሻይ ቤት ጥግ ተቀምጠው ያዩላቸዋል። ከዕለታት አንድ ቀን የቴያትር ጥበብ የምታጠና አንዲት ወጣት ‹‹የሕዝብ ቴያትር›› የሚል ባለ ስድስት ገጽ መጣጥፍ አመጣችላቸው። ጽሑፉ በአንድ የኪነት ክበብ የውይይት ምሽት ላይ የሚቀርብ ነበር። በክበቡ ውስጥ ደግሞ አስቂኝ ተውኔት ለሕዝብ ይጠቅማል አይጠቅምም በሚል ጠብ ቀረሽ ክርክር ተነሥቶ፣ አባላቱ በሁለት ጎራ ተከፍለው ነበር። ሁለቱም ወገን ‹‹እኛ ከሕዝብ ጋር ነን›› ይላል። የልጅቱ ጽሑፍ በየትኛው ወገን እንደሚቆም ሁሉም ለማወቅ ይጠባበቅ ነበርና፣ የዓመቱ የክበቡ ዝግጅት ምን እንደሚሆን በዚያው ምሽት የሚወሰን ይመስል ነበር።

ጽሑፉ መልካም አጀማመር ነበረው። በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ‹‹በዚህ መጣጥፍ ሕዝብ ማለት በጉልበቱና በእጁ ሥራ የሚተዳደር፣ ከቴያትር ቤት ደጅ የራቀ ሠርቶ አዳሪ ነው›› ትላለች። ብያኔው አጭርና ጥርት ያለ ነው፤ ማንን እንደሚያካትት ብቻ ሳይሆን ማንን እንደሚያስቀርም ይናገራል። ብያኔ ደግሞ ዋናው ሥራው ማስቀረት ነው። ሁሉን የሚያቅፍ ብያኔ ምንም አልበየነም።

መምህሩ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ካነበቡ በኋላ ምንም ሳይናገሩ ተመልሰው እርሳስ አነሡ፤ ‹‹ሕዝብ›› የሚለውንም ቃል በተገኘበት ሁሉ ማስመር ያዙ። ሃያ ሦስት ጊዜ ተገኘ። ከዚያም ልጅቱን፣

‹‹እስቲ እዚህ ገጽ ሦስት ላይ ያለውን ዐረፍተ ነገር አንብቢልኝ፤ ነገር ግን ‹ሕዝቡ› የምትይበት ቦታ ስትደርሺ ቃሉን ተዪና የራስሽን ብያኔ አስገቢበት›› አሏት።

ልጅቱም አነበበች፤ ‹‹በጉልበቱና በእጁ ሥራ የሚተዳደረው፣ ከቴያትር ቤት ደጅ የራቀው ሠርቶ አዳሪ፣ ቅዳሜና እሑድ ትኬት ለመግዛት ከቴያትር ቤቱ ደጅ ተሰልፎ ይታያል።››

ንባቧን ሳትጨርስ ሳቀች። ከዚያ ሣቋን ገታ አድርጋ፣ ‹‹ጋሼ፣ እዚህ ላይ እኮ ተመልካቹን ማለቴ ነው›› አለች።

‹‹ማለትሽንማ ዐወቅሁ፤ ያላልሽው ግን እሱን ነው›› አሏት።

የመምህሩ ፍተሻ ይኸው ነው፤ ሌላ ረቂቅ ነገር የለበትም። ቃሉን አውጥቶ በምትኩ ብያኔውን ሙሉ በሙሉ ማስገባት፣ ከዚያም ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ቃሉ ካልተለወጠ ዐረፍተ ነገሩ ይረዝም ይሆናል እንጂ አይፋለስም። ከተለወጠ ግን ልክ እንደዚህኛው ራሱን በራሱ ይቃወማል፣ ወይም ያስቃል፣ ወይም ደግሞ ጭራሽ ምንም የማይል ይሆናል። ሃያ ሦስቱን አንድ በአንድ እንዲህ ፈተሿቸው። በዘጠኙ ላይ ሕዝብ ማለት እንደተበየነው ሠርቶ አዳሪው ነው። በስምንቱ ትኬት ገዝቶ የሚገባው ተመልካች ነው። በአራቱ ደግሞ የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ ሠርግና ለቅሶ፣ የራሱ ዘፈንና ክዋኔ ያለው ማኅበረሰብ ነው፤ ‹‹የአንድ ሕዝብ ባህል›› እንደሚባለው ማለት ነው። የቀሩትን ሁለቱን ልጅቱም ራሷ ምን ለማለት እንደጻፈቻቸው መናገር አልቻለችም።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀይ ቀለም አርሞ ማለፍ ይበቃ ነበር። ነገር ግን የመጣጥፉ መደምደሚያ በዚህ መለዋወጥ ላይ የተመሠረተ ነበር። አካሄዱ እንዲህ ነው፤ የሕዝብ ቴያትር የሕዝብን ኑሮ የሚያሳይና የሕዝብን ፍላጎት የሚያረካ ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ ለአስቂኝ ተውኔት እንደሚሰለፍ በዓይን ይታያል፤ እንግዲያውስ አስቂኙ ተውኔት የሕዝብ ቴያትር ነው። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለው ሕዝብ ከቴያትር ቤት የራቀው ነው፤ በሁለተኛው ያለው ከበሩ ላይ የቆመው ነው። የሥነ አመክንዮ መምህራን ከጥንት ጀምሮ የዚህን ዓይነቱን ስሕተት ‹‹አራት ቃል›› እያሉ ሲነቅፉት ኖረዋል። ሦስት ቃላት ብቻ ሊኖሩት የሚገባው ማስረጃ፣ አንዱ ቃል ለሁለት ስለተሰነጠቀ አራት ሆኖ ይገኛል፤ ድልድዩም መካከሉ ላይ ይቆረጣል ማለት ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክም እ.ኤ.አ. በ1690 ስለ ሰው ልጅ አእምሮ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ቃልን አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ትርጉም መጠቀምን ከቃላት ብልግና አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል፤ በሒሳብ መዝገብ ውስጥ አንዱን አኃዝ አንዴ ለሦስት፣ አንዴ ለስምንት ከሚያውል ነጋዴም ለይቶ አላየውም።

ልጅቱን ግን ነጋዴ ማድረግ አይገባም። ቃሉ ያመለጣት ሆን ብላ ስለለቀቀችው አይደለም። አማርኛ ራሱ ለማምለጫ የሚሆን በር አለው። ‹‹ሕዝብ›› ብሎ የጀመረ ጸሐፊ ወደሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ሲሻገር ‹‹ሕዝቡ›› ይላል። ያቺ አንዲት ድምፅ ‹‹አስቀድሞ የተነገረው፣ አንተም የምታውቀው›› የሚል መልእክት ታስተላልፋለች፤ ስለዚህ አዲስ የመጣውን እንግዳ እንደ ነባር ቤተሰብ አድርጋ ታስገባዋለች። ቀጥሎ ‹‹ሕዝባችን›› ይመጣል። በዚህ ጊዜ ጸሐፊውም ውስጥ ገብቷል፣ አንባቢውም ውስጥ ገብቷል፤ በጉልበቱ የሚተዳደረው ሠርቶ አዳሪ የት እንደወደቀ የሚጠይቅ የለም። ጽሑፍ የሚያርም ሰው እነዚህን ሁለት ቅጥያዎች ነቅቶ ሊጠብቃቸው ይገባል። ቃሉ ከተለወጠ በብዙው የሚለወጠው እነሱ ባሉበት፣ አዲስ አንቀጽ በሚጀመርበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው በር ቅጽል ነው፤ ለዚህ ደግሞ ‹‹ብሔር›› ከሚለው ቃል የተሻለ ምሳሌ በአገራችን አይገኝም። በግዕዝ ብሔር ማለት አገር፣ ምድር፣ ስፍራ ነው። እግዚአብሔር የሚለው ስም በውስጡ ይህንኑ ይዟል፤ ብሔረ ሕያዋንም የሕያዋን አገር ነው። ሰውን ለመጨመር ሲፈለግ ‹‹ሰብ›› ተቀጥሎበት ብሔረሰብ ተባለ። ‹‹ብሔራዊ›› የሚለው ቅጽል ከጥንቱ ትርጉም የወጣ ነውና ‹‹አገራዊ፣ የአገር ሁሉ›› ማለት ሆኖ ኖረ፤ ብሔራዊ ባንክ የአገሪቱ ባንክ ነው፣ ብሔራዊ ቴያትርም በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ስም ተከፍቶ ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ሲለወጥ የአገሪቱ ቴያትር መባሉ ነው። ዛሬ ግን ስሙ ራሱ፣ ብሔር የሚለው፣ አገርን ትቶ በአገር ውስጥ ያለን አንድ ማኅበረሰብ የሚያመለክት ሆኗል። ቅጽሉ ደግሞ ለሁለት ጌቶች ያድራል። ‹‹የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ›› ሲባል ብሔራዊ ማለት የመላው አገር ነው፤ ‹‹የአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት›› ሲባል ግን የአንድ ክልል ነው። አባትየው ቤት ለቅቆ ሄዶ ልጁ በአሮጌው ቤትም በአዲሱም ቤት ሲያድር እንደማየት ነው።

ይህ ለውጥ በአንድ ጀምበር የተፈጸመ አይደለም፤ ነገር ግን ሲፈጸም በዓይን የሚታይበት አንድ ጽሑፍ አለ። ዋለልኝ መኮንን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተማሪ ሳለ፣ በኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. ‹‹ስትራግል›› በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ በኢትዮጵያ ስላለው የብሔረሰቦች ጥያቄ አጭር ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አወጣ። ጥቂት ገጾች ብቻ ያሉት ይህ ጽሑፍ በአገሪቱ የፖለቲካ ታሪክ ውስጥ ያደረሰው ተጽዕኖ ብዙ ተብሎለታል፤ ስለ ቃላት አያያዙ ግን የተባለው ጥቂት ነው።

ዋለልኝ ኢትዮጵያ በሥነ ማኅበረሰብ አመለካከት አንድ ብሔር አይደለችም ብሎ ይነሣል። የደርዘን ያህል ብሔረሰቦች እንዳሉባት ይገልጽና፣ እነዚህ ብሔረሰቦች የየራሳቸው ቋንቋ፣ አለባበስ፣ ታሪክ፣ ማኅበራዊ አቋምና ግዛት እንዳላቸው ይዘረዝራል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ቃላት ለየብቻ ናቸው፤ ኢትዮጵያ ያልሆነችው ብሔር ነው፣ በውስጧ ያሉት ብሔረሰቦች ናቸው። ወዲያው ግን ‹‹ታዲያ ብሔር ማለት ሌላ ምንድን ነው?›› የሚል መንፈስ ያለው ጥያቄ ይጠይቃል፤ የዘረዘራቸውንም ባሕርያት ደግሞ ይደረድራል። መልሱን ለአንባቢ ይተወውና፣ እንግዲያውስ በኢትዮጵያ ውስጥ የኦሮሞ ብሔር፣ የትግራይ ብሔር እያለ መቁጠር ይጀምራል። ሁለቱ ቃላት በአንድ ጥያቄ ውስጥ ገብተው አንድ ሆነው ወጡ። ሦስተኛው በር ይህ ነው፤ መልስ የማይጠብቅ ጥያቄ። ብያኔ በዐረፍተ ነገር መልክ ሲቀርብ አንባቢ ‹‹እውነት ነውን?›› ይላል፤ በጥያቄ መልክ ሲቀርብ ግን ራሱን ይነቀንቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው የበለጠ ያስገርማል። ብሔር የቋንቋና የባህል ማኅበረሰብ ከሆነ ዘንድ፣ ‹‹ብሔርተኝነት›› የዚያ ማኅበረሰብ ስሜት ሊሆን በተገባው ነበር። ዋለልኝ ግን በዚያን ጊዜ የሚሰበከውን የኢትዮጵያ ብሔርተኝነት ሐሰተኛ ነው ብሎ ይነቅፈዋል፤ እዚህ ላይ ቃሉ ወደ አገሪቱ ሁሉ ተመልሷል። ቀጥሎም በሐሰተኛው ምትክ እውነተኛ ብሔራዊ መንግሥት መመሥረት እንደሚገባ ይጽፋል። ኢትዮጵያ ብሔር አይደለችም ያለ ብዕር፣ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ መንግሥት ይመኝላታል። ነገር ግን ፍርድ ሚዛናዊ መሆን አለበትና አንድ ነገር መነገር ይኖርበታል፤ እዚህኛው ቦታ ላይ ጸሐፊው ቃሉን ዝም ብሎ አልለቀቀውም። እውነተኛ ብሔራዊ መንግሥት ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅና አሁን ግን በቀጥታ ይመልሳል፤ ብሔረሰቦች ሁሉ በመንግሥት ሥራ በእኩልነት የሚሳተፉበት፣ ቋንቋቸውንና ሙዚቃቸውን፣ ታሪካቸውንም ጠብቀው የሚያሳድጉበት ነው ይላል። ቃሉ ተለውጧል፣ መለወጡም ለአንባቢ ተነግሮታል። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ የተደበቀ ለውጥና የታወጀ ለውጥ ጎን ለጎን ስለሚገኙበት፣ ለመማሪያ ይህን የሚያህል የለም።

ከዚያ ወዲያ የቃሉ ጉዞ በአዋጆች ውስጥ ይቀጥላል። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም፣ በ1975 ዓ.ም. የተቋቋመው የብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት፣ በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአገር ውስጥ ያሉትን ማኅበረሰቦች ‹‹ብሔረሰቦች›› ማለትን መረጡ። ‹‹ብሔራዊ›› ለአገሪቱ፣ ‹‹ብሔረሰብ›› ለማኅበረሰቦቹ ሆኖ ሥራ ተከፋፍሎ ነበር ማለት ይቻላል። በኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን ሦስቱን በአንድነት ‹‹ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ›› ብሎ ደረደራቸው።

ልጅቱ በዚያን ቀን ለመምህሩ፣ ‹‹ጋሼ፣ እኔ እንኳ ተማሪ ነኝ፤ ሕግ የሚያወጡትስ ቃላቸውን እንዴት ይጠብቃሉ?›› ብላ ጠይቃቸው ነበር። መምህሩም ሕገ መንግሥቱን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘውላት መጡ። አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5ን አስነበቧት። በዚያ ላይ ለሦስቱ ቃላት አንድ ብያኔ ብቻ ተሰጥቷል፤ ሰፋ ያለ የጋራ ባህል ወይም ተመሳሳይ ልምድ፣ የሚግባቡበት ቋንቋ፣ የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና አለን ብሎ ማመን፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ በአብዛኛው የተያያዘ መልክዓ ምድር። ስታሊን እ.ኤ.አ. በ1913 ብሔርን ከበየነበት ብያኔ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው፤ ሆኖም ስታሊን ያስገባው የኢኮኖሚ ኑሮ አንድነት ወጥቷል፤ ‹‹አለን ብሎ ማመን›› የሚለው ደግሞ እሱ ዘንድ የሌለ ነው። ይህች ጭማሪ የዋዛ አይደለችም። በ1993 ዓ.ም. የስልጤ ሕዝብ ከጉራጌ የተለየ ማንነት አለን ብሎ ያቀረበው ጥያቄ በሕዝበ ውሳኔ እልባት ያገኘው፣ ሰዎቹ ስለ ራሳቸው የሚያምኑትን ራሳቸውን በመጠየቅ ነበር። አንድ ሐረግ በብያኔ ውስጥ መግባቱና መቅረቱ የዞን ድንበር ያሰምራል።

መምህሩ ከዚያ ወደ አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4 ዘለሉ። በዚህ ስፍራ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸው ተደንግጓል። መላው ሕዝብ ሲባል በአንቀጽ 39 የተበየነው፣ አንድ ቋንቋና የተያያዘ መልክዓ ምድር ያለው ማኅበረሰብ ነውን? አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሰው ሁሉ ነው። ወደ አንቀጽ 61 ንዑስ አንቀጽ 2 ሲያልፉ ነገሩ ይበልጥ ይጠባል። እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ተወካይ እንደሚኖረው ይናገርና፣ ብሔሩ ወይም ብሔረሰቡ ባለው በያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተጨማሪ ተወካይ እንደሚያገኝ ይደነግጋል። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሕዝብ ማኅበረሰብ ነው፤ በሁለተኛው በራስ የሚቆጠር የሰው ብዛት ነው። ከዚህም ሌላ በሁለተኛው ላይ የተጠሩት ብሔርና ብሔረሰብ ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛው፣ ማለትም ሕዝብ፣ ከባለመብትነቱ ስፍራ ተነሥቶ በመለኪያነት ቦታ ተቀምጧል። በእንግሊዝኛው ቅጂ ለሁለቱ የተለያዩ ቃላት ስለተመደቡላቸው ይህ መጋጨት አይታይም፤ ነገር ግን አንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል።

ሕግ አዋቂ በዚህ አይደናገርም፤ ከአገባቡ ይረዳዋል። ልጅቱም ይህን መልስ ሰጥታ ነበር። መምህሩ ግን አገባብ የሚረዳው አንባቢ አስቀድሞ መልሱን ሲያውቅ እንደሆነ አስገነዘቧት። አንድ ሚሊዮን የሚለው ቁጥር ከጎኑ ባይኖር ኖሮ፣ በአንቀጽ 61 ያለው ሕዝብ የትኛው እንደሆነ ማን ይፈርድ ነበር? የክበቡ አባላት በሁለት ጎራ ተከፍለው የተጯጯሁት ቁጥር በሌለበት፣ ‹‹ከሕዝብ ጋር ነን›› በሚል ባዶ ሜዳ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ለባለቅኔዎች አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። አንድን ቃል በአንድ ስንኝ ውስጥ ለሁለት ትርጉም ማዋል በቅኔ ቤት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ኅብር ይባላል፣ ባለሙያም ይወደስበታል። ልዩነቱ የት ላይ ነው ቢሉ፣ በኅብር ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቃል ላይ አብረው ይቆማሉ፤ አድማጩም ሁለቱን አብሮ እንዲይዛቸው ይፈለጋል። በመጣጥፍ ውስጥ የሚደርሰው ግን አንዱ ሄዶ ሌላው በቦታው መቀመጡ ነው፤ አንባቢም መተካቱን እንዲያውቅ አይፈለግም ወይም ጸሐፊው ራሱ አያውቅም። የቅኔ መምህራን ልጆች መጣጥፍ ሲጽፉ ይህን ልዩነት ቢዘነጉ የቤታቸውን ሀብት ያለ ቦታው ያባክናሉ።

መድኃኒቱም ቢሆን ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንት አንድን ቃል በአንድ መንገድ ከተረጎሙ በኋላ ወደ ሌላ ትርጉም ሲሻገሩ ‹‹አንድም›› ይላሉ። ይህች ቃል ያገለገለችውን አገልግሎት የዘመኑ ጸሐፊ ገና በቅጡ አልተጠቀመባትም። ‹‹አንድም›› ያለ ሰው ከፊተኛው ትርጉም እንደወጣና ወደ ሌላ እንደገባ ለተማሪው አውጆለታል፤ ተማሪውም ፊተኛውን በአንድ እጁ፣ ሁለተኛውን በሌላ እጁ ይዞ ይከተላል። መጣጥፍ ጸሐፊም በሦስተኛው ገጽ ላይ ‹‹እስከ አሁን ሕዝብ ስንል ሠርቶ አዳሪውን ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ተመልካቹን ነው›› ብሎ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢያውል የሚያጣው ነገር የለም። ቃሉ በሐተታው መካከል እየዳበረ መሄዱ በራሱ ነውር አይደለምና። ብዙ ጸሐፊ ማለት የፈለገውን የሚያውቀው መንገድ ከጀመረ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው ብያኔው ጠቦት ሲያገኘው ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያሰፋው ወይም በቦታው ላይ ሊያውጅ ይችላል። የማይቻለው፣ አሮጌውን ብያኔ በበሩ ላይ ሰቅሎ ትቶ በጓሮ በር መውጣት ነው።

በሌላ በኩል ብያኔ እንደ ቅመም የሚበዛባቸው አሉ። ገና ሳይጀምሩ ‹‹ባህል ማለት፣ ጥበብ ማለት፣ ኅብረተሰብ ማለት፣ ዕድገት ማለት›› እያሉ ሁለት ገጽ ይሞላሉ፤ ከዚያ በኋላ ከእነዚህ ቃላት ግማሾቹን ዳግመኛ አይጠሯቸውም። የመበየን ግዴታ ያለባቸው ቃላት መደምደሚያው የተንጠለጠለባቸው ብቻ ናቸው። በልጅቱ ጽሑፍ ውስጥ ይህ ቃል አንድ ነበር፤ ‹‹ቴያትር›› የሚለውን እንኳ ማንም እንድትበይን አልጠየቃትም።

ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ ልጅቱ መጣጥፉን ደግማ ጻፈችው። ሃያ ሦስቱ ‹‹ሕዝብ›› ዘጠኝ ሆኑ። ስምንቱን ‹‹ተመልካች›› አደረገቻቸው፤ አራቱን ‹‹ማኅበረሰብ››። ትርጉማቸው ያልታወቀውን ሁለቱን ሰረዘቻቸው፤ ሲሰረዙም የጎደለ ነገር አልታየም። አስቂኙ ተውኔት የሕዝብ ቴያትር ነው የሚለው መደምደሚያ ግን አብሮ ወደቀ። በምትኩ ያገኘችው ያልጠበቀችው ጥያቄ ነበር፤ ከቴያትር ቤት ደጅ የራቀው ሠርቶ አዳሪ ለተውኔት ሥራ ሲሰለፍ ካልታየ፣ የሚወደውን በምን ይታወቃል? እሷም መልስ ስላልነበራት መጣጥፉን በጥያቄው ላይ አቆመችው።

በውይይቱ ምሽት ሁለቱም ወገን ተከፋ። አንዱ የደገፈችው መስሎት መጥቶ ነበር፣ ሌላውም እንደዚሁ። አንድ የክበቡ አባል ተነሥቶ፣ ‹‹አስቀድሞ የተነገረን ርእስ የሕዝብ ቴያትር ነበር፤ አሁን ተመልካች የሚል ከየት መጣ?›› ሲል ጠየቃት። ልጅቱም ወረቀቷን አገላብጣ የመጀመሪያውን አንቀጽ ደግማ አነበበችለትና፣ ‹‹እርስዎ ሕዝብ ሲሉ ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ነው?›› አለችው። ጠያቂው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ፣ ‹‹ቅዳሜ የሚመጣውን›› አለ፤ ከወዲያኛው ወገን አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ‹‹እኛ ደግሞ የማይመጣውን ነው›› አለው። ሁለቱ ወገኖች አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሲከራከሩ መቆየታቸው ለሁሉም የተሰማው በዚህ ጊዜ ነው። የዓመቱ ዝግጅት በዚያ ምሽት አልተወሰነም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ከክበቡ አባላት ሦስቱ፣ የድንጋይ ጠራቢዎችና የቀን ሠራተኞች ምሳ ወደሚበሉበት የግንባታ ቦታ አጭር ተውኔት ይዘው ለመሄድ ፈቃድ ሲጠይቁ ተገኙ።